23 በመቶው የማን ነው?

ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ባለበት የሐረር ከተማም ሆነ ሌላ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ቦታ ሁሉ «ኤአይ ስንት አለው?» የሚለው ጥያቄ ተለምዷል። መልሱም አንድ ቁጥር ነው። 8 ከሆነ እፎይ፣ 40 ከሆነ ጭንቅ።

ይህን ቁጥር የሚሰጠው መመርመሪያ ይሳሳታል የሚለው ክርክር ብዙ ተብሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን በእንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱ ሰዎች በጻፏቸው 91 የቶፍል ድርሰቶች ላይ ሞክረው፣ በአማካይ ከግማሽ በላዩን በስህተት የማሽን ሥራ እንዳሉት አሳይተዋል። ተገቢ ስጋት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ተራ ስሌት፣ ማለትም አማካይ ማውጣት፣ የሚገባትን ያህል አልተወራላትም።

መመርመሪያው ረጅም ጽሑፍን እንደ ሰው ከዳር እስከ ዳር አያነብም። ብዙ ጊዜ መነሻ የሚሆነው ሮበርታ የተባለው ሞዴል በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 512 የቃል ስባሪ ነው፤ በእንግሊዝኛ 400 ቃላት እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ ጽሑፉ ይቆራረጣል። ቴርኒቲን እ.ኤ.አ. በ2023 መሣሪያውን ሲያወጣ እንዳብራራው፣ ጽሑፉ ጥቂት መቶ ቃላት በያዙ፣ ጠርዛቸው በሚደራረብ ቁራጮች ይከፈላል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ አማካዩ ደግሞ የጠቅላላው ጽሑፍ ግምት ይሆናል።

እንበልና አንድ የማስተርስ ተማሪ 12,000 ቃላት የጻፈ ይሁን። በ300 ቃላት ሲቆረጥ 40 ቁራጭ ይወጣዋል። ክለሳ ድርሳናቱን፣ ስምንቱን ቁራጭ፣ ማሽን አጽፎታል፤ እያንዳንዳቸው 0.95 አገኙ። የቀሩት 32 የገዛ እጁ ሥራ ናቸው፤ 0.05 አገኙ። ድምሩ 9.2፣ ለ40 ሲካፈል 23 በመቶ። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ ሁሉንም ራሷ ጽፋለች፤ እንግሊዝኛዋ ግን ከመጻሕፍት የተለመደ፣ ድርቅ ያለ ስለሆነ መመርመሪያው በየቁራጩ እየተጠራጠረ 0.23 ሰጣት። የእሷም 23 በመቶ ነው። አማካሪው ፊት ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቁጥር።

የመጀመሪያው ተማሪ የስምምነት ቅጹንና የመጠይቁን ማብራሪያ አባሪ አድርጎ 3,000 ቃላት ቢጨምርስ? አሥር ንጹህ ቁራጭ ተጨመረ ማለት ነው። ድምሩ 9.7፣ ለ50 ሲካፈል 19.4። ቴርኒቲን ከ20 በመቶ በታች የሆነን ውጤት አያስተማምንም ብሎ በቁጥር ፈንታ የኮከብ ምልክት ያሳያል። ስምንቱ ቁራጭ ግን ባሉበት ናቸው፤ የቀለጡት በአባሪው ብዛት ነው።

መደባለቁ ከቁራጩ ውስጥም ይጀምራል። በ300 ቃላት መሃል 60 የማሽን ቃላት ቢገቡ ያ ቁራጭ መካከለኛ ነጥብ ሊያገኝ፣ ወይም ሳይታወቅበት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ አማካይ የሚመጣው። የጥንት ብራና የሚመረምሩ ሰዎች ጸሐፊው የተቀየረበትን ገጽ ይፈልጋሉ እንጂ የሁለት ጸሐፊዎችን የእጅ ጽሑፍ ደምረው ለሁለት አያካፍሉም።

ታዲያ ለምን ከፍተኛውን ቁራጭ ብቻ አይወስዱም? እዚህ ላይ ለሠሪዎቹ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። አንድ ንጹህ ቁራጭ በስህተት የመከሰስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ቢሆን፣ ቁራጮቹም እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ 40 ቁራጭ ያለው ንጹህ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ የሐሰት ክስ የሚያገኝበት ዕድል 33 በመቶ ይደርሳል። ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር ተጠርጣሪው ይበዛል። አማካይ ይህን ያበርዳል፤ ዋጋው ግን ድብልቁን መደበቅ ነው። ቁጥሩን ይዞ የሚፈርደው ሰው ይህን ዋጋ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አርባዎቹን ነጥቦች በተርታ ማየት ብዙ ይለውጣል። የመጀመሪያው ተማሪ ላይ ስምንት ተከታታይ ከፍታ ክለሳ ድርሳናቱ ሲጀምር ተነስቶ እዚያው ሲያልቅ ይወርዳል። የሁለተኛዋ ሜዳ ነው። መሣሪያው ዝርዝሩን ካልሰጠ ምዕራፎቹን ለየብቻ ማስገባት ይቻላል፤ ቴርኒቲን ግን ከ300 ቃላት በታች የሆነን አይመረምርም። ከፍታው የጥናት ዘዴው ላይ ከሆነ ደግሞ እኔ አልቸኩልም። የናሙና መጠን ቀመሩና የስሌቱ አገላለጽ ከአንዱ የጤና ጥናት ወደ ሌላው ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ የሚተላለፍ ነው፤ መመርመሪያው «ማሽን» የሚለው ያ ወግ ሊሆን ይችላል። ክለሳ ድርሳናቱ ላይ ከሆነ አማካሪው ተማሪውን ጠርቶ፣ ከተጠቀሱት ጥናቶች አንዱን መርጦ «ናሙናው ስንት ነበር? ከአንተ ውጤት ጋር ለምን ተለያየ?» ይበለው።