መድኃኒቱን እየሰጧት ደሟን ለምን ይለካሉ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። አውሮፓ የገባች እህቷ ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ አለባት። በየ8 ሳምንቱ ሆስፒታል እየሄደች ኢንፍሊክሲማብ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል። «መምህር፣ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ሳይሰጧት ደም ቀድተው፣ በደምሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት አንሷል አሏት። ሊሞክሩባት ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ጀርም ሲገባ የመከላከያ ሴሎችን ጠርቶ ያስነሳል። ክሮንስ ያለበት ሰው ላይ ግን ጥሪው አይቆምም። አንጀቱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይከሳል። ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፉን ይዞ ያስረዋል፤ ቁስሉም የመዳን ፋታ ያገኛል። በሽታውን ግን ነቅሎ አያጠፋም።

ቲኤንኤፍ የተደበቀ የቲቢ ጀርምንም አፍኖ የሚይዝ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የግድ ነው።

አሁን ወደ ደሙ ልኬት እንምጣ። መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀን በደም ውስጥ ብዙ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል። በጣም የሚያንሰው የሚቀጥለው ሊሰጥ ሲል ነው፤ ደም የሚቀዳውም ያኔ ነው። ብዙ ሐኪሞች በዚያ ሰዓት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ቢያንስ 5 ማይክሮግራም ገደማ እንዲገኝ ይፈልጋሉ።

እህትየው 60 ኪሎ ናት እንበል። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 300 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። በ7ኛው ሳምንት ተቅማጡ ተመለሰባት። መጀመሪያ ሰገራዋ ይመረመራል፤ ሌላ ጀርም ሊሆን ይችላላ! ጀርም ከሌለ፣ አንጀቷም መቆጣቱ ከታየ፣ ደሟ ይለካል። ውጤቱ 1.5 ቢሆን መድኃኒቱ የት ሄደ?

አንደኛ፣ የተቆጣ አንጀት መድኃኒቱን በሰገራ ያፈስሰዋል፣ ሰውነትም ቶሎ ይጨርሰዋል። ያኔ መጠኑ ይጨመራል፣ ወይም 8 ሳምንቱ ወደ 6 ያጥራል። ሁለተኛ፣ ሰውነቷ መድኃኒቱን እንደ እንግዳ ቆጥሮ አንቲቦዲ ሠርቶበት ይሆናል። አንቲቦዲው ብዙ ከሆነ መጨመር ብዙም አይጠቅም፤ እንደ አዳሊሙማብ ወዳለ ሌላ መድኃኒት ይቀየራል። መድኃኒቱ በቂ ሆኖ አንጀቷ አሁንም ከተቆጣ ግን፣ ጥፋቱ የቲኤንኤፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ በሌላ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት ይፈለጋል።

አያችሁ፣ ተቅማጡ አንድ ነው፤ መልሱ ግን ይለያያል። ሳይለኩ መቀየር የሚሠራን መድኃኒት መጣል ሊሆን ይችላል።

እንደኛ ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀስ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ለወራት ተቋርጦ ሲጀመር አንቲቦዲ የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል፤ እየተሰጠ ሳለም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ አለርጂ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ መጨረሻ የተሰጠበት ቀንና የደሙ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ከእጅ አይጥፋ። አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የጎረቤቴ እህት አንቲቦዲ አልተገኘባትም። አሁን በየ6 ሳምንቱ ትወስዳለች።