መጨረሻ ያጣው ወረፋ

የአንድ መሥሪያ ቤት የወረፋ ፕሮግራም ሰባት ባለጉዳዮችን በሊንክድ ሊስት መዝግቧል እንበል። እያንዳንዱ ኖድ የባለጉዳዩን ስምና የቀጣዩን ኖድ አድራሻ ይይዛል። የመጨረሻው ኖድ የያዘው አድራሻ ባዶ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ዝርዝሩ ማለቁን የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው።

ሦስተኛው ባለጉዳይ ሲጠራ አልተገኘምና ወደ መጨረሻ ይዛወር ተባለ። ለዚህ ሦስት አድራሻዎች መቀየር አለባቸው፤ 2 ወደ 4፣ 7 ወደ 3 ያመለክታሉ፣ የ3 አድራሻ ደግሞ ባዶ ይሆናል። ፕሮግራመሩ 7ን ወደ 3 አዙሮ ሌሎቹን ሁለቱን ከረሳ፣ ከ7 በኋላ 3 ይመጣል፤ ከ3 በኋላ እንደገና 4። ስሞቹ ያለማቋረጥ እየተደጋገሙ ይወጣሉ።

የታለፈውን ኖድ ሁሉ እየመዘገቡ መሄድ ዙሩን ያጋልጣል፤ ግን ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ሜሞሪ ይበላል። ዶናልድ ክኑት በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሮበርት ፍሎይድ ነው ያለው ዘዴ ሁለት ጠቋሚ ብቻ ይበቃዋል። ሁለቱም ከ1 ይነሳሉ። ዘገምተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ኖድ ሲራመድ ፈጣኑ ሁለት ይራመዳል። ፈጣኑ ባዶ አድራሻ ካገኘ ዙር የለም። ዙር ካለ ግን በአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ እንደምናየው ዘገምተኛውን ይደርበዋል። ዘሎት አያልፍም፤ ሁለቱም ዙሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ርቀታቸው በየጊዜው የሚጠበው በአንድ ኖድ ብቻ ነውና።

በእኛ ወረፋ ዘገምተኛው 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ሲረግጥ ፈጣኑ 3፣ 5፣ 7፣ 4፣ 6 ይረግጣል። 6 ላይ ተገናኙ።

6 ግን የዙሩ መግቢያ አይደለም። መግቢያውን ለማግኘት አንድ ጠቋሚ ወደ 1 ይመለሳል፣ ሌላው 6 ላይ ይቆያል፤ አሁን ሁለቱም አንድ አንድ ይራመዳሉ። የመጀመሪያው 2 ከዚያ 3፣ ሁለተኛው 7 ከዚያ 3። የዘዴው ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ፈጣኑ ከዘገምተኛው አስበልጦ የሄደው ርቀት ሙሉ ዙር ነው፤ ዘገምተኛው የተራመደውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መግቢያው ያለውን ርቀት ብንጨምርበት መግቢያው ላይ ያርፋል።

```python
p = head
while p is not slow:
    p = p.next
    slow = slow.next
while slow.next is not p:
    slow = slow.next
slow.next = None
```

ሁለተኛው `while` ዙሩን ተከትሎ ወደ 3 የሚያመለክተውን ኖድ፣ 7ን፣ ይፈልጋል። አንዳንዶች ይህን ለማሳጠር ሁለቱ ጠቋሚዎች `next` ላይ እኩል ሲሆኑ ይቆርጣሉ። ዙሩ ከ1 የሚጀምር ከሆነ ግን ሁለቱም ገና ከመነሻው 1 ላይ ስለሚቆሙ፣ የሚቆረጠው ከ1 ወደ 2 የሚወስደው አድራሻ ይሆናል፤ ስድስት ባለጉዳዮች ይጠፋሉ። ንጽጽሩም በ`is` ይሁን፤ ሁለት ባለጉዳዮች አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል።

ዙሩ ሲቆረጥ ፕሮግራሙ መዞሩን ያቆማል፤ ወረፋው ግን ከ1 እስከ 7 እንደ ድሮው ነው። 3 ወደ መጨረሻ አልተዛወረም። ዘዴው የሚያውቀው የትኛው አድራሻ ዙሩን እንደዘጋ እንጂ የትኛው መቀየር እንደነበረበት አይደለም፤ ስለዚህ የማዛወሪያው ኮድ ራሱ ተከፍቶ የተረሱት ሁለት መስመሮች መጻፍ አለባቸው።