ለክፍል መምህሩ የሚሰጥ አንድ ገጽ

ልጃችሁ ኦቾሎኒ ቀምሶ ከንፈሩ አብጦ ትንፋሽ አጥሮት ያውቃል? እንግዲያው ለመምህሩ «ኦቾሎኒ አይስማማውም» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ የሆድ ቁርጠት ይመስላቸዋል። አማን ለሚማር ልጅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«የተከበሩ መምህር፣ ልጄ ጥቂት ኦቾሎኒ እንኳ ቢበላ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ከጓደኞቹ ቆሎም ሆነ ፕላምፒ ነት አይቀበል፤ ፕላምፒ ነት የሚሠራው ከኦቾሎኒ ነው። ከበላ በኋላ ድምፁ ከጎረነነ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ አይጠብቁ። በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉለት፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ። በእግሩ አይሂድ። ወተትም ውኃም አይስጡት። ባጃጅ አስጠርተው ወደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይውሰዱት። ለሐኪሙ ‹ኦቾሎኒ በልቶ ነው፤ ክብደቱ 20 ኪሎ ነው፤ አድሬናሊን ያስፈልገዋል› ይበሉ። ከዚያ ለእኔ ይደውሉ።»

ስልካችሁ መጨረሻ ላይ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። መምህሩ እናንተን ሲፈልጉ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ የአድሬናሊን መርፌ ደግሞ ጭን ላይ የሚወጋው ቶሎ ነው። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ኪሎውን በየጊዜው አድሱት። ብዙ ቤት የሚገኘው የአለርጂ ክኒን ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም።

ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታሉ የሚርቅ ከሆነ፣ ደብዳቤውን ከመስጠታችሁ በፊት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን እንዳለው ጠይቁና የእርሱን ስም ጻፉ። ልጁ ከመርፌው በኋላ ቢሻለውም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ ሳይፈቅድ ወደ ቤት አትውሰዱት።