ግፊት ሲለወጥ ሚዛኑ ወዴት ያዘነብላል?

«ግፊት ሲጨምር ሚዛኑ የጋዝ ሞሎች ቁጥር ወደሚያንስበት ወገን ያዘነብላል» የሚለውን ደንብ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ደንቡ ግን የትኛው ግፊት፣ በምን መንገድ እንደተለወጠ አይጠይቅም። ይህን ለመመርመር የምንገለገልበት የአጸግብሮት ድርሻ፣ ማለትም Q ነው።

በታሸገ ስሪንጅ ውስጥ ቀለም አልባው N₂O₄ እና ቡናማው NO₂ በሚዛን ላይ አሉ እንበል፦

N₂O₄ ⇌ 2NO₂

Qን ለማግኘት የNO₂ን ከፊል ግፊት በራሱ አባዝተን ለN₂O₄ ከፊል ግፊት እናካፍላለን፤ ግፊቱን የምንለካው በባር ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚዛኑ ቋሚ K ወደ 0.15 ይጠጋል። የNO₂ ግፊት 0.30፣ የN₂O₄ ደግሞ 0.60 ቢሆን፣ 0.09 ለ0.60 ሲካፈል 0.15 ይሰጣል። Q ከK ጋር እኩል ስለሆነ ሚዛኑ ጸንቷል።

አሁን ይዘቱን በግማሽ እንቀንስ። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ከፊል ግፊቶች እጥፍ ሆነው 0.60 እና 1.20 ይደርሳሉ። Q ግን 0.36 ለ1.20፣ ማለትም 0.30 ይሆናል። ከK ስለበለጠ፣ የNO₂ ከፊሉ ወደ N₂O₄ ይመለሳል። ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪ ሲመለስ አዲሱ ሚዛን NO₂ን በ0.44፣ N₂O₄ን በ1.28 ገደማ ያጸናዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የNO₂ መጠን በሞል ሲቆጠር ቀንሷል፤ ከፊል ግፊቱ ግን ከመነሻው 0.30 በልጧል። ስሪንጁን ከጎን ለሚመለከት ሰው ቡናማው ቀለም መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ጥቂት ይፈዛል፤ ሆኖም ከቀድሞው የጠቆረ ሆኖ ይቀራል። ሚዛኑ ለውጡን ያለዝበዋል እንጂ አይሽረውም።

ወደ መነሻው ድብልቅ እንመለስና ይዘቱን ሳንለውጥ አርጎን እንጨምር። ጠቅላላው ግፊት ያድጋል፤ የNO₂ እና የN₂O₄ ከፊል ግፊቶች ግን ባሉበት ናቸው። Q አልተነካምና ሚዛኑም አይንቀሳቀስም። በቃል የተያዘው ደንብ የሚያሳስተው እዚህ ነው።

በተቃራኒው፣ ጠቅላላው ግፊት ሳይለወጥ ይዘቱ እጥፍ እስኪሆን አርጎን ብንጨምርስ? ከፊል ግፊቶቹ ወደ 0.15 እና 0.30 ይወርዳሉ፤ Qም 0.075 ይሆናል። ከK ስላነሰ N₂O₄ ይከፈላል፤ NO₂ም ይበዛል። ጠቅላላው ግፊት ምንም ሳይለወጥ ሚዛኑ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሙቀቱ ቋሚ ሲሆንና ጋዞቹ ከሃሳባዊ ጋዝ ብዙም ሳይርቁ ነው። ሙቀት ከተለወጠ K ራሱ ይለወጣል፤ በጣም ከፍተኛ በሆነ ግፊት ደግሞ ከፊል ግፊት ብቻውን አይበቃም። ከዚህ ወሰን ሳንወጣ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከለውጡ በኋላ፣ ከአጸግብሮቱ በፊት፣ Q ከK ይበልጣል ወይስ ያንሳል?