የምግብ እጥረት ምርመራ በምን ይጸናል?

በሕሙማን ካርድ ላይ «ከስተዋል፤ ምግብ አይበሉም» የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ አነባለሁ። ይህ አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ግሊም የተሰኘው ዓለም አቀፍ መስፈርት ምርመራው እንዲጸና ቢያንስ አንድ የአካል ምልክትና አንድ መንስኤ ይሻል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአምስት ወር በፊት 62 ኪሎ የነበሩ ታካሚ ዛሬ 54 ኪሎ ይመዝናሉ። ያጡት 8 ኪሎ ከቀድሞው ክብደታቸው 13 በመቶ ገደማ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ ደግሞ እጥረቱን ከባድ ያሰኘዋል። ስለዚህ ሁለቱም ክብደቶች ከነቀናቸው ይጻፉ፤ የቀድሞው ከካርድ ይሁን ከቤተሰብ ግምት ይገለጽ።

መንስኤውም እንዲሁ ነው። «አይበሉም» በማለት ፈንታ «ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሹን ብቻ ከወሰዱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል» ይባል።

ሚዛን ግን ያታልላል። እግር ሲያብጥ የተጠራቀመው ውኃ የጠፋውን ሥጋ በኪሎ ይተካዋል። ያን ጊዜ ትከሻንና ጭንን በእጅ ዳስሶ የጡንቻውን መመናመን፣ ከእብጠቱ ጋር፣ መመዝገብ ያሻል።

ምርመራው የሚጸናው ታካሚውን ያላየ ሐኪም ካርዱን አንብቦ ከዚያው ድምዳሜ ሲደርስ ነው።