የስማርት ሰዓትን ባትሪ ለማራዘም የትኛው የስክሪን ቅንብር ይቀድማል?

የስማርት ሰዓት ስክሪን የሚፈጀው ኃይል የሚወሰነው በብርሃኑ መጠንና በርቶ በሚቆይበት ጊዜ ብዜት ነው። በቀን ለ16 ሰዓት የሚታሰር፣ እጅ ሲነሳ 100 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ5 ሴኮንድ የሚበራ ሰዓትን በምሳሌነት እንውሰድ። በሙሉ ብርሃን የሚቆየው ለ500 ሴኮንድ፣ ማለትም ለ8 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የብርሃኑን ኃይል በግማሽ መቀነስ የሚያተርፈው የ4 ደቂቃ ሙሉ ብርሃን ፍጆታ ነው።

ሁልጊዜ የሚበራ ስክሪን ግን ቀሪዎቹን 952 ደቂቃዎች ይሸፍናል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አፕል ዎች ሲሪስ 5 ይህን ፍጆታ ለመግታት ብርሃኑን ከማደብዘዙም በላይ፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደሰውን ምስል ወደ 1 ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። በምሳሌያችን የደበዘዘው ስክሪን የሙሉ ብርሃኑን አንድ ሃያኛ ብቻ ይፈጃል ብንል እንኳ ድምሩ 48 ደቂቃ ያህል ይደርሳል።

እጅ ሲነሳ የመብራት ቅንብር ከሁለቱ መካከል ይቆማል። በሥራም ሆነ በእንቅልፍ ጊዜ ያለ አስፈላጊነት መብራቱ ቁጥሩን በእጥፍ ቢያሳድገው፣ ተጨማሪው ፍጆታ 8 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠፋ የሚገባው ሁልጊዜ የሚበራው ስክሪን ነው። ውጤቱን ለማረጋገጥ፣ አጠቃቀማቸው በሚመሳሰል ሁለት ቀናት አንድ ቅንብር ብቻ ለውጦ ማታ የቀረውን የባትሪ መቶኛ ማነጻጸር ይበቃል።