ወርቁን አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?
ዱባይ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ያጠራቀምሽውን 12 ሺህ ድርሃም በሙሉ ወርቅ ልትገዢበት እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። «ሳይወደድብኝ አሁን ልግዛ ወይስ እስኪወርድ ልጠብቅ?» ላልሽኝ ዕድሜዬን በፈጀሁበት የወርቅ ሥራ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ በየትኛው ገንዘብ እንደምትቆጥሪ ለዪ። እናትሽ «ወርቅ እጥፍ ሆነ» ስትልሽ የምትቆጥረው በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ወርቅ በዓለም ገበያ የሚተመነው በዶላር ስለሆነ፣ እዚያ ዋጋው ባይነቃነቅ እንኳ እዚህ መወደዱ አይቀርም ነበር። ድርሃም ግን ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። አንቺ ገንዘብሽን በድርሃም እስከያዝሽ ድረስ የብር መውረድ አይነካሽም። ስለዚህ ወርቅ የሚያዋጣሽ በድርሃም ሲቆጠር ከጨመረ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የምትገዢበትንና የምትሸጪበትን ዋጋ አስተያዪ። ለስሌት እንዲመቸን የ24 ካራት አንድ ግራም 400 ድርሃም ነው እንበል። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ንጹሕ ወርቅ ስለሆነ ግራሙ 350 ይሆናል። የወደድሽው የ10 ግራም አምባር የወርቁ ዋጋ 3,500 ድርሃም ነው። የእጅ ዋጋ 10 በመቶ ቢጠይቁሽ 350 ይጨመራል፣ በላዩ ላይ የ5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 4,042 ገደማ ትከፍያለሽ። በማግስቱ ልሽጠው ብትዪ ግን የእጅ ዋጋውንም ታክሱንም የሚመልስልሽ የለም። ወርቅ ቤቱ ከወርቁ ዋጋ ላይ 2 በመቶ ቢቀንስ የምታገኚው 3,430 ነው። ያወጣሽውን ለመመለስ ብቻ ወርቅ 18 በመቶ ገደማ መወደድ አለበት። ፈርጥ ካለበት ደግሞ ይብሳል፤ ስትገዢ ከወርቁ ጋር ተመዝኖ የተሸጠልሽ ድንጋይ ስትሸጪ ከክብደቱ ይቀነሳል።

ባለ 24 ካራት የ10 ግራም ጥፍጥፍ ብትገዪ ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ አገር ንጽሕናው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለሀብት ማስቀመጫ የሚሸጥ ወርቅ ታክሱ ዜሮ ነው። ከወርቁ ዋጋ በላይ 2 በመቶ ቢያስከፍሉሽ 4,080 ትከፍያለሽ፤ ስትሸጪ 1 በመቶ ቢቀንሱ 3,960 ታገኛለሽ። 3 በመቶ ጭማሪ ይበቃሻል።

«ወርቅ ሁልጊዜ ይወጣል» የሚሉሽን ግን አትመኚ። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ የገዛ ሰው ያንን ዋጋ መልሶ ያየው በ2008 ነው። በ2011 ወደ 1,900 ዶላር ወጣ፣ በ2015 መጨረሻ ወደ 1,050 ወረደ፣ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2020 ነው። በ2025 ደግሞ 4,000 ዶላርን አልፏል። መውጣቱም መውረዱም እውነት ነው፤ ነገ የቱ እንደሚመጣ እኔም ሆንኩ ሻጩ አናውቅም። የምታውቂው ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግሽ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኼ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ለቤቱ የምትከፍዪውን 8 ሺህ ድርሃም ባንክ ተዪው። ወርቅ በዚያን ሰሞን ቢወርድ ሻጩ ቤቱ ዋጋ እስኪመለስልሽ አይጠብቅሽም። ለአምስት ዓመት የማትነኪው 4 ሺህ አለኝ ካልሽ በእሱ ጥፍጥፍ ግዢ፣ ግን በአንድ ቀን አይሁን። አሁን 5 ግራም፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በቀረው ገንዘብ የቻልሽውን ያህል። ዋጋው ከወረደ ሁለተኛውን በርካሽ ታገኚዋለሽ፤ ከወጣ የመጀመሪያው በእጅሽ አለ። በጣም ትንንሾቹን ተያቸው፣ ግራሙ ሲያንስ የሚጨምሩት ክፍያ ይበዛል። ተበድረሽማ ፈጽሞ አትግዢ።

ስትገዪ የዕለቱን የግራም ዋጋና የሚጨምሩትን ክፍያ ለየብቻ አስነግሪ፤ «ዛሬ መልሼ ብሸጥላችሁ ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ብለሽም ጠይቂ። ጥፍጥፉ ላይ 999 ወይም 999.9 የሚል ማህተም፣ ክብደቱና የመለያ ቁጥሩ መኖሩን እዪ። ደረሰኙን አትጣዪ፣ እሽጉንም አትክፈቺ፤ የተከፈተውን ሲገዙ ይመረምሩታል፣ ዋጋም ይቀንሱበታል።

ለእናትሽ አምባር መግዛት ካማረሽ ግዢላት፣ ደስ ይላታል። ግን በስጦታ ቁጠሪው እንጂ በቁጠባሽ ውስጥ አታስገቢው።

አጎትሽ፣ ከአዲስ አበባ